የሌለ ኮት ጥላ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሱፍ ለብሶ ጉርድ ፎቶ የተነሳ ሰው ካያችሁ ኮቱ የኔ ነው። መመጻደቄ አይደለም፣ እውነቴን ነው። ሙሽራው፣ ሥራ ፈላጊው፣ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ በፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሟች፣ ሁሉም የለበሱት አንድ ኮት ነው፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ከደረት ኪሱ ነጭ መሀረብ ብቅ ያለ። ያን ኮት በእጁ የነካው ሰው የለም። እኔም ነክቼው አላውቅም። የሚኖረው ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው፤ አይቆሽሽም፣ አያረጅም፣ ብል አይበላውም።

ድሮ ፎቶ ቤቱ እውነተኛ ኮት ነበረው። ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ከሲታው ሲለብሰው ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ እንሰበስበዋለን፤ ወፍራሙ ሲለብሰው ክንዱን ብቻ አስገብቶ ትንፋሹን ይይዛል። ላቡ ግን የሁሉም ነበር። አንድ ሙሽራ «ይኼ ኮት የሞተ ሰው ይሸታል» ብሎ ጥሎልኝ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ኮምፒውተሩ የዞርኩት። የኮምፒውተሩ ኮት አይሸትም፣ ለሙሽራውም ለሟቹም እኩል ልኩ ነው።

አንድ ቤት ለቅሶ ልደርስ ገብቼ ቀና ብል፣ አባትና ልጅ ከነአማቻቸው ተሰልፈው ግድግዳ ላይ አየሁ። ሦስቱም በአንድ ኮት፣ ሦስቱም በአንድ መሀረብ፣ የመሀረቡ እጥፋት ሳይቀር አንድ! ባለቤቶቹ ግን ምንም አላስተዋሉም። እንዲያውም ሴትዮዋ «ዘራችን አለባበስ ያውቅበታል» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቅንቄ ንፍሮዬን በላሁ።

ኮት መደረብ ቀላል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። «ወንድሜ፣ አንዴ ጣል አድርግበትና ስጠኝ» ይሉኛል፤ ጋቢ መሰላቸው! ኧረ ተዉኝ። ሰው ኮት የለበሰ የሚመስለው በኮቱ አይደለም፣ በኮሌታው ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ሸሚዝ አልነካውም፤ ሸሚዙ የሰውየው ነው። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን እንደያዘ ከኮቱ ኮሌታ በላይ ትንሽ ይታያል፤ ጫፎቹ ደግሞ ወርደው ከኮቱ የደረት እጥፋት ሥር ይገባሉ። ከማጅራት በኩል ያለው የኮቱ ክፍል ከአንገቱ በስተኋላ መደበቅ አለበት፤ አለዚያ ሰውየው አንገቱን ቆርጠው ኮት ላይ ያስቀመጡት ይመስላል።

ከዚያ ወዲያ ጥላው ነው። የኮት እጥፋት ውፍረት አለው፤ ሸሚዝ ላይ ሲተኛ ከሥሩ ጨለም ይላል። ጠርዙ ሥር ይጠቁራል፣ እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ይጠፋል። ጥላ የሌለው ኮት ካርቶን ነው። ይኼን ጥላ ደግሞ በድፍን ጥቁር የሚለቀልቁት አሉ፤ እግዜር ይቅር ይበላቸውና ደረቱ ላይ ከሰል የተደፋበት ያስመስሉታል። እኔ ቀለሙን የምቀዳው ከራሱ ከሸሚዙ ነው፣ ጨለም አድርጌ። ብርሃኑ ከግራ ከመጣ ጥላው ወደ ቀኝ ይወድቃል።

ይችን የብርሃኗን ነገር የተማርኳት በውርደት ነው። የአንድ ሟች ፎቶ ላይ ብርሃኑ የመጣው ከኮቴ ብርሃን በተቃራኒ ስለሆነብኝ፣ ኮቱን እንደ መስታወት ግልብጥ አድርጌ አረፍኩት። ጥላው ልክ ገባልኝ፣ ደስ አለኝ። ተዝካሩ ላይ ግን አንድ ልብስ ሰፊ ጠላውን ይዞ ፎቶው ሥር ቆመና «ይኼ ምስኪን የሚስቱን ኮት ለብሶ ነው እንዴ የሞተው? ቁልፉ በሴት በኩል፣ ኪሱ በቀኝ ደረቱ!» አለ። ተዝካርተኛው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮት አልገለብጥም፤ ብርሃኑንም ጥላውንም በእጄ እየቀባሁ እቀይረዋለሁ።

የኮሌታው ነገር ደግሞ ባገራችን ፖለቲካ ነው። ባላገር ኮሌታውን ከኮቱ ላይ አውጥቶ ይዘረጋዋል። እውነቱን ነው፣ ሸሚዝ ገዝቶ የሚደብቅ ሞኝ ማን አለ? ቢሮ የገባ ሰው ግን ይደብቀዋል። ኮሌታውን ያስገባ ቀን ከእርሻ የወጣ ይመስለዋል። እኔም የምሠራው የቢሮውን ዓይነት ነበር፤ ደንበኛ ንጉሥ ነው።

ከደንበኞቼ ሁሉ ንጉሥ ነኝ ባዩ አብሮ አደጌ ነው። ወረዳው ውስጥ አንድ ቢሮ ገብቶ ኤክስፐርት ሆኗል። የምን ኤክስፐርት እንደሆነ ጠይቄው አስረድቶኛል፤ አልገባኝም። ወንበር ከያዘ ወዲህ «አንቱ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን የጨርቅ ኳስ አብረን ያባረርን ስለሆንን ከ«አንተ» አላልፍለትም።

በኅዳር አንድ ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ታናሽ ወንድሜ አረፈ» አለኝ። መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ጣለው፣ አብረውት የነበሩት እዚያው ቀብረውት መጡ። እኔም ደረቴን መታሁ፤ ልጁን አውቀው ነበር። ዝምተኛ፣ ሳቂታ፣ ገበያ ሲመጣ ደጄ ላይ ቆሞ የተሰቀሉትን ባለኮቶች እያየ የሚሄድ ልጅ ነበር።

«እናቴ እርሟን አላወጣችም» አለኝ ኤክስፐርቱ። «መርዶው ከተነገራት ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ‹ሬሳ አላየሁም፣ መቃብር አላየሁም› ትላለች። ማታ ማታ መኝታውን ታነጥፍለታለች።»

ሰው ሩቅ አገር ሞቶ እዚያው ሲቀበር፣ እኛ ዘንድ በሬሳው ፈንታ ፎቶው ነው የሚለቀስበት። ወንበር ላይ ይቆማል፣ ዱላውና ጋቢው ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሰው ፊቱ ሆኖ ደረቱን ይመታል። እርሙን ያላወጣ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ወይ ያብዳል ወይ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ፎቶው ፊቷ ሲቆም እናትየው ታለቅሳለች ተብሎ ነው የታሰበው።

ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር። የሥራ ጓደኛው በስልኩ አንስቶት ለኤክስፐርቱ የላከው። ልጁ የሰሊጥ ጆንያ ተደግፎ፣ ፀሐዩ ፊቱን አኮማትሮት፣ የአንገቱን ቁልፍ ከፍቶ ይስቃል። የለበሰው ሸሚዝ ነጭ ነበር፣ አሁን የመተማ አፈር መስሏል።

«ይኼን ለእናትህ አሳየሃት?»

«ምን ቆርጦኝ! በዚህ ሁኔታ? ሱፍ አልብስልኝ። ከረባትም።»

«በሱፍ ነበር እንዴ ሰሊጥ ያጭድ የነበረው?»

«ስማ» አለኝ፣ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስል ጣቱን ቀስሮ። «ገጽታ የሚባል ነገር አለ። ከስማዳም ከጋይንትም ዘመድ ይመጣል። ወንድሙ ቢሮ ተቀምጦ እሱ እንዲህ ሆኖ ሞተ ይበሉ?»

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» የሚባለው ትዝ አለኝ፤ ግን ሐዘንተኛ ፊት ተረት አይተረትም ብዬ ዋጥኩት። ከረባቱን ግን እምቢ አልኩ። አንገቱ በተከፈተ ሸሚዝ ላይ ከረባት ማሰር ገመድ ማሰር ነው። ኤክስፐርቱ ተቅለሰለሰና ተስማማ።

ያን ሥራ እንዴት እንደሠራሁት ብነግራችሁ ጉራ ይሆናል። ይሁን፣ ጉራ ነው። ፀሐዩ ከቀኝ ከላይ ነው የመጣው፤ ኮቴ ደግሞ ብርሃኑ ከግራ ነው። ትከሻውን አንዱን አደመቅሁ፣ አንዱን አጨለምሁ። ኮቱን ልጁ ጆንያውን በተደገፈበት መጠን አዘነበልሁት። የመተማ ፀሐይ ጥላው ደረቅ ያለ ነው፤ እኔም የእጥፋቱን ጥላ ጠርዙ ጠበቅ ያለ አደረግሁት። ፊቱን ደግሞ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ፀሐዩን አለዘብሁለት።

አጉልቼ ስሠራ አንዱ የኮሌታው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ክር አየሁ። ጫፉ ተተልትሎ ኖሮ አንድ ሰው በእጁ ጠቅሞታል። ነጭ ሸሚዝ በሰማያዊ ክር! ስፌቱም የሰከረ ሰው መንገድ ነው፣ ወዲህ ይላል ወዲያ ይላል። የኮቱን እጥፋት ወደ መሀል ትንሽ ገፋ ሳደርገው ሸፈነው፤ የተረፈችውን ስፌት ጥላው ዋጣት። እጄን አፋጭቼ ተነሳሁ። በትልቁ አትሜ፣ መስታወት አስገብቼ፣ ፍሬም አድርጌ ሰጠሁት። ኤክስፐርቱ አይቶ «አሁን ሰው መሰለ» አለ።

ለቅሶው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መንደራቸው ነበር፤ እኔም ሄድኩ። ለማጽናናት ነው የሄድኩት፣ ግን ሥራዬን ሰው ሲያየው ለማየትም ነው፤ ምን እደብቃለሁ። ፎቶው ዳሱ መሀል ወንበር ላይ ቆሟል። የመጣው ሁሉ ዋይ ብሎ ይገባና ፎቶው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ወይኔ፣ ሱፉ እንዴት ሆኖበታል!» ይላል አንዱ። «ለካ እንዲህ ያለ ጌታ ሆኖ ነበር» ይላል ሌላው። አልቃሿ ሙሾዋን ለጎበዝ አራሽ አዘጋጅታ ነው መሰል የመጣችው፣ ኮቱን ስታይ አፏ ላይ ያለው ግጥም ጠፋት። ቆም አለችና በሬውን በወንበር፣ ሞፈሩን በእስክሪብቶ ለውጣ ቀጠለች። አቤት አልቃሽ! ሹመቱን እዚያው ሰጠችው። ስለ ጥላው ግን አንድም ሰው ምንም አላለም። ጥላ የተሳካ ዕለት ማንም አያየውም፤ የሙያዬ ዕድል ይኸው ነው።

እናትየውን ሴቶች ደግፈው አመጧት። ሰዉ ሁሉ ለጩኸት ደረቱን አሰናዳ። እሷ ግን ቀስ ብላ ጎንበስ አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ መስታወቱን ጠረገችው፣ ከዚያ አየች። ፊቱን ትንሽ ነው ያየችው። ብዙ የቆየችው አንገቱ ላይ ነው።

«ይኼ ማነው?» አለች።

«ልጅሽ ነው፣ እማዬ» አለ ኤክስፐርቱ።

«ልጄ ኮት የለውም።»

«እዚያ ገዝቶ ነው። ደልቶት ነበር እኮ!» አለ፤ ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ቀላ።

እሷ ግን ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ፣ እጥፋቱና ኮሌታው የተገናኙበት ላይ ያዘች። «ይኼ ጥቁሩ ምንድነው?»

እኔ ጅሉ ዝም ብል ምን ነበረበት? በዚያ ሰዓት ስለ ጥላዬ የጠየቀኝ ሰው በመገኘቱ ልቤ ሞቅ አላት። «ጥላ ነው እናቴ፣ የኮቱ ጥላ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ኮቱ ጥላ ከጣለ ኮቱ አለ ማለት ነዋ። ኮት ያለው ደግሞ የኔ ልጅ አይደለም።» ፊቷ በራ። ስታዩት ያስፈራል። «መልክ መልክን ይመስላል። የሰው ልጅ ነው ያረዳችሁኝ። ምስኪን! እግዜር የእናቱን ሆድ ያጽናው።» ብላ ሁለቴ ደረቷን ነካ ነካ አደረገች፣ ለወጉ ያህል፣ ለጎረቤት ልጅ እንደሚደረገው። ከዚያም ሰዉ ርቦታል፣ ንፍሮ ይዙር አለች።

ለቅሶው እዚያው ተበተነ። ምን ብሎ ያልቅስ? የሟች እናት «የኔ አይደለም» ካለች ማን ደፍሮ ደረቱን ይመታል? አልቃሿ ብቻ የጀመረችውን ሹመት ሳትጨርስ መቅረቷ ቆጭቷት ስታጉረመርም ሰማኋት።

ወሬ ክንፍ አለው። በሚቀጥለው ገበያ ልጁ አልሞተም ተባለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰሊጥ ነጋዴ ሆኗል፣ ኮት ለብሶ ታይቷል ተባለ። አንዱ ስልኩን አግኝቼ አናገርኩት አለ፤ አንዱ ዘመዴ ነው፣ ሥራ ያስገባኛል አለ። የለበሰው ኮት የኔ፣ መሀረቡ የኔ፣ ሀብቱ የወሬኛው።

ኤክስፐርቱ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ። «ምንድነው የሠራኸው?»

«ያዘዝከኝን!»

«መኝታውን አሁን በቀንም ታነጥፋለች። ሲመለስ ለሚደገስለት ሠርግ ብላ ጌሾ እየወቀጠች ነው!» ብሎ በርጩማው ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የምረቃ ካባ ብናለብሰውስ?» አለኝ። ሰውየው የምሩን ነው! ያኔ ተናደድኩ። «ከሦስተኛ ክፍል የወጣ ልጅ ምን ተብሎ ነው የሚመረቅ? ያን በሸሚዝ ያለውን አሳያት!» አልኩት። እሱ ግን «አይሆንም፣ አይሆንም፣ በዚያ ሸሚዝ ካየችው ልቧ ይሰበራል» እያለ ሄደ። ልቧ እንዲሰበር አልነበረም እንዴ የተሰበሰብነው?

ቀን ቆጥራ እናትየው ራሷ መጣች። የገበያ ቀን ነው፣ ደጄ በሰውና በአህያ ተጣቧል። ኤክስፐርቱ ከኋላዋ እየተከተለ በዓይኑ «እንዳትናገር» ይለኛል። ገብታ ግድግዳው ላይ ያሉትን ባለኮቶች አንድ በአንድ አየቻቸውና ተቀመጠች።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ያን ባለኮቱን ሰው ፎቶ የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ እናቴ።»

«አገሩ የት እንደሆነ ንገረኝ። ለእናቱ ሰው ልልክባት ነው።» ነጠላዋን አጣፋች። «እኔ ልጄ በሕይወት አለ ብዬ ጌሾ ስወቅጥ፣ እሷ ምስኪን ሳትሰማ ቀርታ እየጠበቀችው ይሆናል። ኃጢአት ነው። ሐዘኗን እኛ ቤት ቀምተን አስቀርተንባታል።»

ወይ ጉዴ! ኤክስፐርቱ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። እኔ ግን የእሱን ዓይን ማየት አቃተኝ፣ የእሷንም ማየት አቃተኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትሁና ወንበሯን አስጠጋሁላት።

«እናቴ፣ ኮቱን ያለበስኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ? መተማ ወርደህ?»

«እዚሁ ቁጭ ብዬ። በዚህ።»

ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። ልጇን በመጨረሻ አየችው። ኮቱን ለብሶ ይስቃል። «እንግዲያ አውልቅለት» አለች፣ የእንግዳ ኮት ለሚቀበል አስተናጋጅ እንደሚባለው።

ኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ነው የተነጠፈው፤ ፎቶው ከታች፣ ጥላው በላዩ፣ ኮቱ ከላይ። ከእያንዳንዱ ንጣፍ አጠገብ ትንሽ የዓይን ምልክት አለች፣ ስትነካት ንጣፉ ይሰወራል። የኮቱን ዓይን ነካሁት። ኮቱ ጠፋ።

ጥላው ግን ቀረ። በችኮላ ረስቼው ነው። ሸሚዙ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ከአንገቱ እስከ ደረቱ ሁለት ጥቁር ሰንበር ወርዶ፣ በላዩ ምንም የለም።

«ኮቱ ሄዶ ጥላው ቀረሳ!» አለች።

«እሱም የኔ ሥራ ነው።»

«የሌለ ኮት ጥላ ትሠራለህ?»

«አዎ።»

«ምን ይፈይዳል?»

«እውነት እንዲመስል ነው፣ እናቴ።»

እኔም የጥላውን ዓይን ነካሁት።

ሸሚዙ ብቻ ቀረ። አፈር የመሰለው፣ አንገቱ የተከፈተው። እናትየው ከወንበሯ ተነስታ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች። ጣቷ ኮሌታው ጫፍ ላይ ሄደ። ሳትጠይቀኝ አጎላሁላት። ሰማያዊው ክር ስክሪኑን ሞላው፣ ወዲህ እያለ ወዲያ እያለ።

«ነጩ አልቆብኝ ነበር» አለች ለራሷ። «ከቀሚሴ ጥልፍ በተረፈው ነው የጠቀምኩት። ሰው ይስቅብሃል ብለው፣ ማን ያየዋል እማዬ አለኝ። ማን ያየዋል አለኝ።»

ከዚያ ጩኸቷ ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴትዮ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «ልጄን! ልጄን! የማንም አይደለም፣ የኔው ነው!» ደጅ ያለው ገበያተኛ ዋጋ መከራከሩን ተወ። ሴቶች እህላቸውን ለሰው አደራ ብለው ገቡና ያዟት፣ እነሱም አብረው ጮኹ። ኤክስፐርቱ ከግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ ንፍጡና እንባው ተደባልቆ «ወንድሜን!» ይላል። ገጽታ ብትሉት አልነበረውም። እኔም አለቀስኩ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ልጅ ብቻ ይስቃል። እርሟን ያወጣችው እንዲያ ነው፣ ዳስ በሌለበት፣ በፎቶ ቤት።

ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ሴቶቹ ውኃ ሰጧት፣ ፊቷን አበሱላት። ሊያነሷት ሲሉ እምቢ ብላ ወደኔ ዞረች።

«አሁን ኮቱን መልስለት» አለች።

የሰማሁትን አላመንኩም። «ይኼው በሸሚዙ ላትምልዎት እንጂ፣ እናቴ? ኮቱማ ውሸት ነው።»

«ለምን እንደሄደ አታውቅም?» አለችኝ። «መተማ የወረደው ለኮት ነው። ሰሊጡን አጭጄ ለሠርጌ ኮት ገዝቼ እመጣለሁ ብሎኝ ነው የሄደው። ሳይገዛ እንደሞተ አውቄያለሁ። ቢገዛማ ኖሮ ያንን ሸሚዝ ይጥለው ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አልብሰው። ክሩን ግን እንዳትደብቅብኝ።»

ሠራሁት። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ እያየች ነው የሠራሁት። ኮሌታውን ከሸሚዙ ዙሪያውን በጥንቃቄ ቆርጬ አወጣሁና ከኮቱ በላይ አነጠፍኩት፣ ባላገር እንደሚለብሰው፣ ሁለቱ ጫፎች እጥፋቱ ላይ ተዘርግተው። ሰማያዊው ክር ኮሌታው ጫፍ ላይ ቁልጭ አለ። የድሮው ጥላ አሁን ቦታ የለውም። ኮሌታው ከላይ ሲሆን ጥላ የሚጥለው እሱ ነው፣ ኮቱ ላይ፤ ስለዚህ ከኮሌታው ሥር፣ ከፀሐዩ በተቃራኒ፣ ቀጭን ጥላ ቀባሁ።

ኤክስፐርቱ ዓይኑ አብጦ በትከሻዬ አሻግሮ አየ። ሰው አመሉ አይለቀውም። «ኮሌታው እንዲህ ሲወጣ ባላገር አያስመስለውም?» አለ።

እናቱ ዞር ብላም አላየችው። «ባላገር ነዋ» አለች።

ከዚያ ጣቷን አንስታ ኮሌታው ሥር ያለችውን ጨለማ አሳየችኝ። «ይኼኛው ጥላ ደግሞ የማነው?»

«የሸሚዙ ነው እናቴ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች።

እሱንም የቀባሁት እኔ ነበርኩ። ግን አልነገርኳትም።